የቬንትሌተሩ አሻራ

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ «ቬንትሌተሩን ቢያጠፉልኝ» ብሎ እንግዳን መለመን ይከብዳል። ጡረታ የወጡ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው የድሮውን ወርክሾፕ ትዝታ ሊያወጉ ተዘጋጅተዋል እንበል። ከራሳቸው በላይ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፤ ግድግዳው ላይ ኤርኮንዲሽነሩ ያጉረመርማል። ጋዜጠኛው ሁለቱንም ቢያስጠፋ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ መልሳቸውን ማሳጠር ይጀምራሉ። ስለዚህ ሳያስጠፋ ይቀዳል። እዚያው ተቀምጦ እያለ ጩኸቱ አይሰማውም፤ ጆሮ የማይለዋወጥ ድምፅን ቶሎ ለምዶ ይተወዋል።

ማይክ እንዲህ ያለ ችሎታ የለውም። ማታ ሆቴል ገብቶ ሄድፎኑን ሲያጠልቅ የሽማግሌው ወግ ከአንድ ወፍራም እምምም እና ከአንድ ቀጭን ሽሽሽ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የሠራ፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ያሉ ወገኖችን ያነጋገረ የሬዲዮና የፖድካስት ሰው ሁሉ ይህን ማታ ያውቀዋል።

ደግነቱ ይህ ዓይነቱ ጩኸት ከሌሎቹ ይልቅ የዋህ ነው። የመኪና ጡሩምባ ድንገት ይመጣል፣ ውሻም መቼ እንደሚጮህ አይታወቅም፤ ቬንትሌተር ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ያንኑ ይደጋግማል። የሚደጋገም ነገር ደግሞ መልኩን አጥንቶ ለይቶ መያዝ ይቻላል። ዘዴው የሚጀምረው ሰው ሳይናገር ጩኸቱ ብቻውን የተሰማበትን ጥቂት ሰከንድ ለኮምፒውተሩ ከመስጠት ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ላይ የጩኸቱን አሻራ ይወስዳል፤ ከዚያ ያንን አሻራ ይዞ ሙሉውን ቅጂ ይፈትሻል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ አቅሙ ደከም ባለ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ሐሳቡ ራሱ ግን ከፕሮግራሙ ይቀድማል። በ1979 እ.ኤ.አ. የዩታ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ቦል ባሳተመው ጥናት፣ ንግግር በሌለበት ሰዓት ጩኸቱን ለክቶ ከንግግሩ ላይ መቀነስ እንደሚቻል አሳይቷል። ከሐሳቡ ጋር ችግሩም አብሮ መጣ፤ ቅነሳው ሲበዛ ከኋላው ወፍ የሚንጫጫ ወይም ውሃ የሚንጠባጠብ የሚመስል ቅሪት ይተዋል። ዛሬም ድረስ አንድ ሰው ይህን መሣሪያ አላግባብ መጠቀሙ የሚታወቀው በዚሁ የወፎች ጫጫታ ነው።

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ግን ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ጋዜጠኛው ማይኩን ካስተካከለ በኋላ «አባባ፣ ከመጀመራችን በፊት ለ20 ሰከንድ ያህል ሁላችንም ዝም እንበል፤ የክፍሉን ድምፅ ልቅዳ» ማለት አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል። እንግዳ በተቀመጠበት ቤት ዝም ማለት ግን እንደ ጥል ይቆጠራል፤ በ5ኛው ሰከንድ ሽማግሌው «ቡና አላመጡልህም እንዴ?» ይላሉ፣ ከጓዳ ሲኒ ይንቃጨላል። ምክንያቱን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተሳካም ደግሞ መሞከር። ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጥታ፣ ከጎረቤት የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ አሻራው ውስጥ ከገባ ፕሮግራሙ እነሱንም ጩኸት ናቸው ብሎ ይይዛቸዋል። በተለይ የሰው ድምፅ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ሽማግሌው በተናገሩ ቁጥር ከራሳቸው ድምፅ ላይ ይቆረጣል።

ያ 20 ሰከንድ ሙሉ ለሙሉ ንጹሕ መሆን የለበትም። ከውስጡ 3 ወይም 4 ሰከንድ ያህል ያልተነካ ዝምታ ከተገኘ ይበቃል። አስቀድሞ ዝምታ ያልቀዳ ሰው በጥያቄና በመልስ መካከል ያለውን ክፍተት መፈለግ ይኖርበታል፤ ግማሽ ሰከንድም ቢሆን ይሠራል። ችግሩ ከናሙናው አጭርነት ጋር ስህተቱ መስፋቱ ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ያለው ሁሉ የጩኸቱ መደበኛ ጠባይ ተደርጎ ይመዘገባል።

አሁን ማታው ላይ እንመለስ። ቅጂው 38 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ከሰው ድምፅ በታች ያለውን ጉርምርምታ ማስወገድ ነው፤ `High-Pass Filter` ተብሎ በሚታየው መሣሪያ ላይ 80 ሄርዝ ይሞላል። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ በአብዛኛው ከ85 ሄርዝ ግድም ስለሚጀምር ከዚያ በታች ያለው ቢቆረጥ ሽማግሌው ምንም አያጡም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለምን በዚሁ ቆርጠን አንጨርሰውም?» የሚል ይኖራል። አይቻልም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በዚህ ኃይል የሚሠራ ሞተር ደግሞ የሚያጉረመርመው በእጥፉ፣ በ100 ሄርዝ ላይ ነው። ይኸውም የሽማግሌው ድምፅ ካለበት ሰፈር መካከል ነው። ከአየሩ የሚወጣው ሽሽታ ደግሞ ከወፍራም እስከ ቀጭን በሁሉም ቦታ ተበትኗል። በመቀስ ቢቆረጥ ሰውየውም አብረው ይቆረጣሉ። አሻራ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከዚያ በአይጥ ጎትቶ ያቺን 4 ሰከንድ ዝምታ ብቻ ይመርጣል፤ `Effect > Noise Removal and Repair > Noise Reduction` የሚለውን ይከፍትና `Get Noise Profile` የሚለውን ይጫናል። መስኮቱ ምንም ሳይል ይዘጋል። ብዙ ጀማሪ ምንም አልተሠራም ብሎ ደጋግሞ የሚጫነው እዚህ ላይ ነው፤ አሻራው ግን ተወስዷል። ቀጥሎ ሙሉውን ቅጂ መርጦ ያንኑ መስኮት ዳግም ይከፍታል፤ አሁን ሦስት ቁጥሮች ይጠብቁታል።

ቁጥሮቹን ከመንካት በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ከብዙ ሙከራ ያድናል። ፕሮግራሙ ቅጂውን ከሰከንድ 20ኛ እጅ ትንሽ ባነሱ ቁርጥራጮች ይከታትፈዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ደግሞ ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ ከ1 ሺህ በሚበልጡ ጠባብ መስመሮች ይከፍለዋል። በየመስመሩ በር ላይ አንድ ዘበኛ እንደቆመ ይታሰብ። ዘበኛው እጁ ላይ ከአሻራው የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፤ በእሱ በር በኩል ቬንትሌተሩ ብቻውን ሲሆን ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር። የሚመጣው ድምፅ ከዚያ መጠን በበቂ ሁኔታ ከበለጠ «ንግግር ነው» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ያሳልፈዋል። ካልበለጠ «ይህማ ቬንትሌተሩ ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስገባዋል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ጩኸቱን ከንግግሩ ውስጥ ለቅሞ አያወጣውም፤ ማስታወቂያዎች የሚሉትን ማመን አያስፈልግም። ሽማግሌው ሲናገሩ ብዙ በሮች ይከፈታሉ፣ ቬንትሌተሩም ከቃላቸው ጋር ተጠግቶ ይገባል። የማይሰማው ጎላ ባለው ንግግር ሥር ስለሚሸፈን ብቻ ነው። የሚጸዳው በቃላት መካከል ያለው ክፍተትና ንግግሩ ያልነካቸው መስመሮች ናቸው። ንግግሩ ከጩኸቱ በብዙ ከበለጠ ይህ በቂና አስደሳች ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን መሸፈኛው ይሳሳና አስቂኝ ነገር ይፈጠራል፤ ቬንትሌተሩ ሽማግሌው ባወሩ ቁጥር የሚበራ፣ ዝም ባሉ ቁጥር የሚጠፋ ይመስላል።

ወደ ሦስቱ ቁጥሮች እንምጣ። የመጀመሪያው ዘበኛው ጩኸቱን በምን ያህል ዴሲቤል እንደሚቀንስ ይወስናል። 6 ዴሲቤል የድምፁን ሞገድ ቁመት በግማሽ፣ 12 ዴሲቤል ወደ ሩብ ያወርደዋል። ለድሬዳዋው ቅጂ 12 ይበቃል። ሁለተኛው፣ `Sensitivity` የሚባለው፣ ዘበኛው ምን ያህል ተጠራጣሪ እንደሆነ ነው፤ ሲጨምር ንግግሩንም ጩኸት ነህ ማለት ይጀምራል። 6 ላይ ማቆየት ጥሩ መነሻ ነው። ሦስተኛው ጎረቤት ዘበኞች እንዲመካከሩ ያደርጋል፤ አንዱ በር ብቻውን ብልጭ ብሎ ሲከፈት የሚሰማውን የወፍ ጫጫታ ይቀንሳል፤ ሲበዛ ግን ድምፁን ያደፈርሳል። 3 ይሞላ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን መስኮቱ ታችኛ ጥግ ላይ ያለችው `Residue` የምትባል ትንሽ ምርጫ ናት። እሷ ተመርጣ `Preview` ሲጫን የሚሰማው የጸዳው ቅጂ ሳይሆን የተጣለው ነው፣ ልክ እንደ ወንፊት ግርድ። ግርዱ ውስጥ ቬንትሌተር ብቻ ከተሰማ ሥራው ትክክል ነው። በውስጡ ቃል ከተሰማ፣ ሌላው ቀርቶ የሽማግሌው ድምፅ ጥላ ከተሰማ፣ እህሉም አብሮ እየተጣለ ነውና ቁጥሩ ዝቅ ይበል። የጸዳውን እየሰማ ብቻ የሚወስን ሰው በቀላሉ ይታለላል፤ ጆሮ የጎደለውን ድምፅ ከራሱ ይሞላል፣ በተለይ ንግግሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ጆሮ።

በአማርኛ ግርዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተናጋሪ ደግሞ ወደ መጨረሻው ትንፋሹም ድምፁም ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌ ሲሆን ይብሳል። ሽማግሌው «ያን ቀን ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ አይደለሁም» ቢሉ፣ «ያን ቀን ሞተሩን» የሚለው ጎልቶ ይወጣል፤ «አይደለሁም» የሚለው ከአፋቸው ሲወጣ ከቬንትሌተሩ ብዙም አይበልጥም። ዘበኞቹ ጥብቅ ከሆኑ ይህን መጨረሻ እንደ ጩኸት ይቆጥሩትና ዝቅ ያደርጉታል። «ነኝ» ይሁን «አይደለሁም» ለመለየት ያስቸገረ ቃለ ምልልስ ደግሞ ጩኸት ካለበት ቃለ ምልልስ የከፋ ነው። በመሆኑም ቅንብሩን ለመፈተን የሚመረጠው ናሙና ሽማግሌው ደመቅ ብለው የሳቁበት ቦታ መሆን የለበትም። ደክሟቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዓረፍተ ነገር የጨረሱበት ቦታ ነው መፈተን ያለበት።

ሰ፣ ሸ እና ፈ ደግሞ ሌላ ተጎጂዎች ናቸው። ሦስቱም በአፍ የሚሠሩ የአየር ድምፆች ስለሆኑ ከኤርኮንዲሽነሩ ሽሽታ ጋር ይዛመዳሉ፤ ከሁሉም ፈ ደካማዋ ናት። «ሰፈር» የሚለው ቃል ደብዝዞ፣ ተናጋሪው በፎጣ ተሸፍኖ የሚያወራ ከመሰለ ቅነሳው በዝቷል ማለት ነው።

የድሬዳዋው ቅጂ እስከ 17ኛው ደቂቃ ድረስ እንዲህ አድርጎ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ግን ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በመጠኑ የተለየ ሆኖ። ምን ተፈጠረ? ኤርኮንዲሽነሩ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ ያሠራል፤ ሲሞቅ መልሶ ያስነሳዋል። አሻራው የተወሰደው ኮምፕሬሰሩ ጠፍቶ እያለ ከሆነ፣ ሲነሳ የሚያመጣው ጉርምርምታ ለዘበኞቹ እንግዳ ነው፤ በእጃቸው ካለው ቁጥር ስለሚበልጥም ንግግር መስሏቸው ያሳልፉታል። 29ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ጸጥታው ድንቅ ነው፤ ሽማግሌው ግን እያወሩ ነው። ሲመለስ ኃይሉ ዝቅ ብሎ ከመጣ ቬንትሌተሩ ከቀድሞው ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ጩኸቱም መልኩን ይቀይራል።

እነዚህን ለውጦች በጆሮ ብቻ ማደን አድካሚ ነው፤ በዓይን ይቀላል። ከትራኩ ስም አጠገብ ያለው ምናሌ ተከፍቶ `Spectrogram` ሲመረጥ ቅጂው በቀለም ይታያል። የሞተር ጉርምርምታ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ አግድም መስመሮች ሆኖ ይወጣል፤ ንግግሩ ደግሞ በላያቸው እንደ ጭስ ይወጣል ይወርዳል። 17ኛው ደቂቃ ላይ አዲስ መስመር ሲጨመር፣ 29ኛው ላይ ሁሉም ሲቋረጡ በግልጽ ይታያሉ። መፍትሔው ቅጂውን እነዚያ ቦታዎች ላይ ከፋፍሎ ለየክፍሉ የራሱን አሻራ መውሰድ ነው። መብራት የጠፋበትን ክፍል መንካት አያስፈልግም። አንድ አሻራ ለሁሉም ይበቃል ብሎ ቁጥሩን ወደ 24 ማሳደግ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ አዲሱ ጩኸት ሳይጠፋ ንግግሩ ይቀጣል። የሚዟዟር የወለል ቬንትሌተር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ፊቱን ወደ ማይኩ ባዞረ ቁጥር ጩኸቱ ስለሚለዋወጥ ቋሚ አሻራ የለውም። እሱን ቢያንስ አንገቱን ቆልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ይገባል።

በስልክ የሚቀዱ ሰዎች ሌላ የተደበቀ ችግር አለባቸው። ብዙ የመቅጃ መተግበሪያዎች ተናጋሪው ዝም ሲል የማይኩን አቅም በራሳቸው ከፍ፣ ሲናገር ዝቅ ያደርጋሉ። በዝምታው ጊዜ የተወሰደው አሻራ በዚህ ምክንያት የተጋነነ ይሆናል፤ ንግግሩ ሲጀምር ከነበረው ጩኸት ጋር አይገጥምም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሽማግሌው ንግግራቸውን እንዳቆሙ ቬንትሌተሩ ቀስ በቀስ ሲጎላ ይሰማል። መተግበሪያው ይህን የሚያጠፋ ምርጫ ካለው አስቀድሞ ይጥፋ፤ ከሌለው ሌላ መተግበሪያ ይፈለግ። በተመሳሳይ ምክንያት ድምፅን የማጉላትና የማመጣጠን ሥራ ሁሉ ከጽዳቱ በኋላ እንጂ በፊት አይሠራም፤ ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ቬንትሌተሩንም ከፍ ያደርገዋል።

አንድ እውነት ሳይነገር አይታለፍም፤ ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ የሚሠራው ማይኩን ማቅረብ ነው። የማይኩ ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጎላል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ቬንትሌተር ግን ያው እዚያው ነው። ጠረጴዛ ላይ ከሽማግሌው 80 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ማይክ ኮታቸው ላይ 20 ሳንቲሜትር ላይ ቢሰካ፣ ርቀቱ ሁለት ጊዜ በግማሽ ስላጠረ 12 ዴሲቤል ይገኛል። ይህ ከላይ የሞላነው ቁጥር ራሱ ነው፤ ያውም አንድም ፊደል ሳይጎዳ። ሁለቱም ከተደመሩ ቬንትሌተሩ በታክሲ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሄድፎን ያደረገ ሰው ግን ከሽማግሌው ቃላት ሥር በስሱ ይሰማዋል፤ ይስማው፣ ድሬዳዋ ግንቦት ላይ እንደዚያ ነች። ፍጹም ጸጥታ ለመፍጠር የሚታገል ኤዲተር ቃላቱን ባዶ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚወድቁ ያስመስላቸዋል።

የጸዳው ቅጂ በአዲስ ስም ይቀመጥ። የመጀመሪያው ግን ከነጉርምርምታው፣ ከ20 ሰከንዱ ዝምታና ከተንቃጨለው ሲኒ ጋር በዋቭ ፋይል ሁለት ቦታ ይቆይ። ከአንድ ቅጂ ላይ የተጠረገ «አይደለሁም» ከጸዳው ፋይል ተመልሶ አይገኝምና፣ እባካችሁ ኦሪጅናሉን አትሰርዙ።